የገብር ኄር ሪፖርት

ስብከት ላይ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ሰባኪ ወንጌሉን ሲያጣምም ከሰማሁ ወንበሩ ይቆረቁረኛል። ባለቤቴ አጠገቤ ካለች ክንዴን ያዝ ታደርገኛለች። አምና በገብር ኄር ግን እሷ ሴቶቹ ጋ ነበረች፣ የሚይዘኝ ስላልነበረ ስብከቱ ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ። እህቴ ውስጥ ቀረች። ነገሩ ሁሉ የመጣው እሷ ውስጥ በመቅረቷ ነው።

ገብር ኄር የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው። የዕለቱ ወንጌል የመክሊቱ ምሳሌ ነው፦ አንድ ጌታ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሳ ብሩን ለአገልጋዮቹ ሰጠ፤ ለአንዱ አምስት መክሊት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ። ሁለቱ ነግደው እጥፍ አደረጉት። ባለ አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ጌታው ሲመለስ ሁለቱን አመሰገነ፣ የቀበረውን ግን ሰነፍ ብሎ ወደ ውጭ፣ ወደ ጨለማው አስወጣው።

እኛ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የምንሠራ ክርስቲያኖች በዚህ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉባኤ አለን። አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የመስኖ መሐንዲስ፣ ብዙው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ነው። እኔ ጸጉሬ ሳይሸብት ከሽማግሌዎቹ ተቆጥሬያለሁ። ስብከቱ ሲያልቅ ደግሞ «ሪፖርት» የምንለው ነገር አለ። ሰው በተራ ይነሳና «የተሰጠኝ ይህ ነበር፣ ያተረፍኩት ይህ ነው» ይላል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። አንዱ መጠጥ ተውኩ ይላል፣ አንዷ ከአማቴ ታረቅሁ ትላለች፣ እንስቃለን፣ እንጸልያለን። እየቆየ ግን ማስተርስ ያዝኩ፣ ቦታ ገዛሁ፣ ኃላፊ ሆንኩ ብቻ ሆነ። ምንም ያልጨመረ ሰው በዚያ እሑድ ሆዴን አመመኝ እያለ መቅረት ጀመረ።

አምና የመጣው እንግዳ ሰባኪ ከሌላ ከተማ ነበር። ድምፁ ያምራል፣ አልዋሽም። ከኪሱ የመኪና ቁልፍ አውጥቶ ከፍ አደረገና ይሄ የታማኝነቴ ትርፍ ነው አለ። እኔ የወጣሁት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባለቤቴ ነገረችኝ። አምና በቆማችሁበት ዘንድሮም ከቆማችሁ መክሊታችሁን ቀብራችኋል፣ ቀባሪ ደግሞ ቦታው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ አለ። ሪፖርቱ ተጀመረ። ለእረፍት ወርዳ የነበረችው እህቴ ተራዋ ሲደርስ ተነስታ «እኔ ያው ነኝ» አለች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰባኪውም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እህቴ፣ ቆፍሪና አውጪው እንጂ፣ ጌታ ሳይመጣ አላት። ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ፊት ስባ እስከ መጨረሻው አላነሳችውም።

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ መኪና ተይዞ፣ መኪናው ካቆመበት ደግሞ ሽቅብ በእግር በሚኬድበት ቀበሌ ነው። አብረዋት የተማሩት ደሴ ገብተዋል፣ አንዷ የራሷን መድኃኒት ቤት ከፍታለች። እሷ ከተመደበች ጀምሮ እዚያው ናት። ከዚያ እሑድ በኋላ ለእረፍት ወደ ሐይቅ ስትወርድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድ አለች። ደክሞኛል፣ ጉንፋን ይዞኛል ትለናለች። ከዚያ ፓስፖርት አወጣች። ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ነው፣ ዲፕሎማዋን በእናታችን ሳጥን ውስጥ ትታ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ጮህኩ። እሷ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ይዤ እመለሳለሁ ብቻ ነው ያለችው።

ዘንድሮ የጉባኤው ሰብሳቢ ስብከቱን እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። የባንክ ሰው ነው፣ ቀና ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ዲያቆን ነህ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጉባኤ ቤት ወጥተህ ዩኒቨርሲቲም ገብተሃል፣ የወጣቱን ቋንቋ ታውቃለህ አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ አደራ፣ የሚያነሳሳ ይሁን፣ ልጁ ሁሉ ሞራሉ ወድቋል አለ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በሆዴ የሚያነሳሳውን ታየዋለህ ብያለሁ።

ስብከት ሳዘጋጅ ልማድ አለኝ። ክፍሉን መጽሐፉን ሳልይዝ እስክተርከው ድረስ አነባለሁ። ከዚያ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አነባለሁ፤ ምሳሌ ከሰፈሩ ከወጣ እንደ ጠፋ በግ የፈለገው ይነዳዋል። በመጨረሻ አንድ ነገር እመርጣለሁ፤ ሁሉን ልበል ያለ ሰባኪ ምንም ሳይል ይወርዳል። በዚህኛው ግን አንድ ቦታ ላይ ተቸነከርኩ። ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ግን ያው ያለው እንኳ ይወሰድበታል የሚለው። ቁልፍ የሚያነሱት ሰባኪዎች ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። እንዲህ ተብሎ ተጽፎ እያለ ምን ብዬ ልከራከር? ከእነሱ ጋር የተናደድኩትን ያህል ከጥቅሱ ጋርም ተናደድኩ።

ስለዚህ የድሮ መምህሬ ጋ ሄድኩ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር ነው የሚደረሰው። በልጅነቴ የተማርኩት እዚያ ነው፣ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። የኔታ አርጅተዋል። ከበሩ ወዲያ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አሁንም ዜማ የሳተን ከሩቅ ይይዛል። መስቀል ተሳልሜ ጉዳዬን ዘረገፍኩት፤ ስለ ሰባኪው፣ ስለ መኪናው ቁልፍ፣ ስለ እህቴም። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ትርጓሜ ስንማር እንደሚያደርጉት፣ ንባቡን በል አሉኝ። አልኩ። ጌታው ካልዘራበት የሚያጭድ ጨካኝ ነው የሚለው ጋ ስደርስ በእጃቸው አቆሙኝ።

«ይህን የሚናገረው ማን ነው?»

የቀበረው ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ስለ ጌታው የምታምነው የማንን ቃል ነው?»

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ባርከው ሸኙኝ። እኔ ግን በመመለሻው መንገድ ላይ የሐይቁን ውኃ እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። ስንት ዓመት ያነበብኩት ነገር ነው! ጌታው ትርፍ ካልመጣለት የሚቆጣ ነጋዴ ነው ያለ ሰው በምሳሌው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተሳስቶ ወደ ውጭ የወጣው።

ቅዳሜ እህቴን ለማየት ወጣሁ። ስብከቱን ቀድሜ ላሳያት ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወረቀቴ ላይ «አገራችሁን ትታችሁ አትሂዱ» የሚል ነገር ጽፌ ነበር፣ ያም ለእሷ ነበር። ውጫሌ ገበያ ነበር፤ ከመኪና ወርጄ በሰው መሀል እየተጋፋሁ ሌላ መኪና ያዝኩ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት፤ አንዲት ወላድ ሸኝታ እጇን እየታጠበች ነበር። ጓንት አልቆብናል አለችኝ፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ። በሶ በጥብጣ ሰጠችኝና ከግንቡ ሥር ተቀመጥን።

ስብከቱን ነገርኳት። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ እኔም ቀብሬያለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ተዪው አልኳት። የለም፣ የእውነቴን ነው አለችና ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ።

ጦርነቱ አምባሰል የደረሰ ጊዜ ጤና ጣቢያው ሊዘረፍ እንደሚችል ስላወቀች የማዋለጃ ዕቃዋን ሰበሰበች፤ መቀሱን፣ መቆንጠጫዎቹን፣ የእትብት ማሰሪያውን፣ የተረፈውን ጓንት። ቀቅላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በቆርቆሮ ሳጥን አድርጋ፣ በላስቲክ ደጋግማ አሰረችው። ግቢው ውስጥ ከተቀበረ ይገኛል ብላ ጎረቤቷ ወደሆኑት ሽማግሌ ሄደች። ሙስሊም ገበሬ ናቸው፣ ከጓሯቸው ቡና ሥር ራሳቸው ቆፍረው አስገቡላት። አብሽሪ፣ ይሄ አማና፣ አደራ ነው፣ ኢንሻአላህ ማንም አይነካውም አሏት። ጤና ጣቢያው ውስጥ አልጋ እንኳ ሳይቀር ተወሰደ። ምጥ ግን ጦርነት ነው ብሎ አይቀርም። የያዛት ሴት ስትኖር ሽማግሌው ይቆፍራሉ፣ እህቴ ቤታቸው ውስጥ ቀቅላ ይዛ ትሄዳለች፣ ታዋልዳለች፣ መልሳ ቀቅላ ትቀብራለች። መንገዱ እስኪከፈት እንዲህ ነበር።

አምና ሰባኪው ቆፍሪና አውጪው ሲላት የታያት ያ ጓሮ ነበር። ስንቴ ላውጣው ብዬ አስቤ ነበር አለችኝ። ከዚያ ግን ሁሉም ሰው ሲያጨበጭብ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ፤ ምናልባት እግዚአብሔር የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ የለኝም፤ ከተቆጣኝ ጌታ ፊት ቆሜ ምን እሠራለሁ ብዬ ነው ቤተ ክርስቲያን የቀረሁት አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ በሶውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ነገ ይህን ልናገር አልኳት። ተቆጣች።

«የኔን ነገር መድረክ ላይ እንዳታወጣ። እኔን ለማስቀረት ደግሞ ወንጌል እንዳትጠቀም፣ እሱም የጌታ ነው።»

ከዚያ ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ፣ እመጣለሁ፣ ሴቶቹ ጋ ጥግ እቀመጣለሁ አለች። ስወርድ መኪና ውስጥ ወረቀቴን አውጥቼ «አትሂዱ» የሚለውን ሰረዝኩት። ደሞዝ የማይበቃውን ሰው እዚያው ተራብ ብሎ መስበክም መክሊቱን ማጣመም ነው። ሀብት የታማኝነት ምልክት አይደለም ካልኩ ድህነትም አይደለም ማለት አለብኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰው ቤቱ ደርሶ ሽሮውን በልቶ ነው የተመለሰው። በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ የዕለቱን ምስባክ አስታወስኳቸው፤ ጠዋት ዲያቆኑ ያዜመው መዝሙር ፈቃድህን ላደርግ ወደድሁ፣ ጽድቅህንም በታላቅ ጉባኤ አወራሁ የሚል ነው፣ ስለ ትርፍ አንድም ቃል የለበትም አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከመክሊቱ ጋር ያጋባችው እንዴት እንድንሰማው ለማስተማር ነው።

ከዚያ ስለ ብሩ ተናገርኩ። አንድ መክሊት ትንሽ ነገር አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ የጉልበቱን ዘመን አብዛኛውን ለፍቶ የሚያገኘው ነው። ስለዚህ ባለ አንዱ ድሃ አልነበረም። ደግሞ የሰጣቸው ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ ነው፤ ባለ ሁለቱ ለምን አምስት አላመጣህም አልተባለም። አምስት ላተረፈውና ሁለት ላተረፈው የተሰጠውን ምስጋና ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፣ ቃል በቃል አንድ ነው አልኳቸው። የሚያወዳድር ጌታ ቢሆን ለባለ አምስቱ ጨመር አድርጎ ያመሰግን ነበር። አንድ ወጣት መሐንዲስ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልኩ ላይ ጥቅሱን ከፍቶ ሲያመሳክር አየሁት።

ብሩስ የማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። የጌታው ነው አሉ። ትርፉስ? ትንሽ ቆይተው እሱም የጌታው አሉ። እንግዲህ ታማኞቹ ለራሳቸው ቤት ሠሩበት የሚል አላነበብንም፤ ያተረፉትን ይዘው ነው የቀረቡት። የተሰጣቸውም በብዙ መሾም ነው፣ ያ ማለት ሸክሙ በዛ፤ ከዚያም ወደ ጌታህ ደስታ ግባ ተባሉ። ትርፉ ደስታው ነው፣ ደስታውም የጌታው ነው።

ያን አስቸጋሪ ጥቅስ አልዘለልኩትም። ላለው ይጨመርለታል ተብሏል። ከሦስቱ ብር ያለው ማን ነበር? ማንም፤ ሁሉም የያዙት የሰው ነው። እንግዲህ «ያለው» የተባለው ብር ያለው አይደለም፣ የተቀበለውን የተጠቀመበት፣ የሰጠውን ያመነ ነው። ሦስተኛው ብሩ እጁ ላይ ነበር፣ የሌለው እምነት ነበር። ከዚያ የኔታ የጠየቁኝን ጠየቅኋቸው፤ ጌታው ጨካኝ ነው ያለው ማን ነው?

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ትርፍ ካላሳየኸው የሚጥልህ ነጋዴ ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው የሚሰብከው የጌታን ወንጌል አይደለም። የሚሰብከው የቀበረውን ሰው ሰበብ ነው።»

ከምሳሌው ቀጥሎ ያለውን አስነበብኳቸው። የሰው ልጅ በዙፋኑ ተቀምጦ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ተርቤ ነበር፣ ታምሜ ነበር፣ ታስሬ ነበር እያለ ነው። ሂሳቡ የሚያዘው እዚያ ነው አልኳቸው። ሀብታምን አልሰደብኩም፣ ድህነትንም አላመሰገንኩም፤ ሠርታችሁ ብታድጉ ደስ ይለኛል፣ ግን እድገታችሁን የእግዚአብሔር ፊርማ አድርጋችሁ አትያዙት፣ ያላደገውንም ወደ ጨለማው አታስወጡት አልኩ። ስለ እህቴ አንድም ቃል አልወጣኝም። ጨርሼ ወረድኩ።

ሰብሳቢው ተነሳ፣ ተጨነቀ፣ ልማዱ ነውና «እንግዲህ ሪፖርት» አለ። ማንም አልተነሳም። ሴቶቹ ጋ ጥግ ላይ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እህቴ ነበረች። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ቆመች።

«የተሰጠኝ የማዋለጃ ዕቃ ነበር። በጦርነቱ ቀብሬዋለሁ፤ ምጥ በመጣ ቁጥር እያወጣሁ ሠርቼበታለሁ። አሁን መቀሱ ደንዝዟል። ያተረፍኩት ይህን ነው።»

ተቀመጠች። የሳቀ የለም፣ ያጨበጨበም የለም። አምና ከሳቁት አንዱ አንገቱን ደፋ። ሰብሳቢው ማይኩን ወደ ጎን አደረገና፣ እህቴ፣ ምን ዓይነት መቀስ ነው አላት፣ እስክሪብቶ እያወጣ። የእትብት መቁረጫ አለችው፣ ጓንትም አልቋል ብላ ጨመረች። በዚያ ቀን ሌላ ሪፖርት አልተሰማም፤ ጸሎት አድርገን ተበተንን።

ከአዳራሹ ስንወጣ ዓሣ ቤቶቹ በኩል አለፍን፣ በጾም ምክንያት የሚገቡባቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብቻ ነበሩ። ተቀይማኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። አይ አለች። ከዚያ ቆመችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ከእንግዲህ ብሄድም ቸግሮኝ እሄዳለሁ እንጂ ፈርቼ አልሄድም።»

እቱ፣ እንግዲያው ሂጂ፣ ብትፈልጊ ሂጂ አልኳት፣ እንባዬ መጣ። ሰኞ ወደ ላይ ወጣች፤ ቀኗ የደረሰ ሴት ነበረች።

ፓስፖርቷ አሁን በእናታችን ሳጥን ውስጥ ከዲፕሎማዋ ጋር ነው። ትሄዳለች አትሄድም አላውቅም፣ አልጠይቃትም። የማውቀው ይህን ነው። በጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ደሙን የማቀብለው ዲያቆን እኔ ነበርኩ። ካህኑ ሥጋውን እየሰጡ ሰልፉ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ በእርፈ መስቀል፣ በቅዱሱ ማንኪያ፣ ደሙን አቀብላለሁ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ፊቴ የቆመችው እህቴ ነበረች፤ እጆቿ ደረቷ ላይ ተጣምረው፣ ቅባት ያልነካቸው፣ በሳሙናና በመቀቀያ ውኃ የተሰነጣጠቁ እጆች። አፏን ከፈተች። አቀበልኳት። ተቀብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነችና ወደ ውስጥ፣ ሴቶቹ ወደቆሙበት ገባች።